ኃይል ሲቋረጥ ጆርናሉ የሚያድነው ምኑን ነው?

ኮምፒውተሩ ፋይል እየጻፈ ሳለ ኃይል ድንገት ተቋረጠ። መልሶ ሲነሳ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ሥራውን ይቀጥላል።

```
EXT4-fs (sda2): recovery complete
EXT4-fs (sda2): mounted filesystem with ordered data mode
```

ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። ሰውየውም «እሰይ፣ ምንም አልሆነም» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚያ ሲጽፍበት የነበረውን ፋይል ይከፍተዋል። ባዶ ነው፤ ዜሮ ባይት። ወይም ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ያገኘዋል። ታዲያ የዳነው ምንድን ነው?

ከርነሉ አልዋሸም። ፋይል ሲስተሙ በእርግጥ ድኗል። የፋይሉ ይዘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጆርናሉ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ ለውጦቹን አስቀድሞ የሚጽፍበት ማስታወሻ፣ ስለ ይዘቱ የገባው ቃል ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። ይህን ለማየት አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ዲስክ ላይ እስክትደርስ የምታልፍበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ምሳሌዬ ext4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ነው። ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኝ ከመሆኑም በላይ የጆርናሉ አሠራር ቀጥተኛ ነው።

አንድ ብሎክ ለመጨመር ስንት ቦታ ይነካል?

8192 ባይት የሆነ ፋይል አለ እንበል። የ ext4 ብሎክ ብዙውን ጊዜ 4096 ባይት ስለሆነ ፋይሉ ሁለት ብሎክ ይዟል። አንድ ፕሮግራም መጨረሻው ላይ አንድ ብሎክ የሚሞላ ጽሑፍ ጨመረበት። ለፕሮግራሙ ይህ አንድ ሥራ ነው። ለዲስኩ ግን ቢያንስ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ጽሑፉ ራሱ ነጻ በሆነ ብሎክ ላይ መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ የትኛው ብሎክ እንደተያዘ የሚመዘግበው ቢትማፕ ላይ አንዲት ቢት ከ0 ወደ 1 መቀየር አለባት። ሦስተኛ፣ የፋይሉ መጠንና የብሎኮቹ አድራሻ የሚቀመጥበት አይኖድ መስተካከል አለበት። መጠኑ 12288 ይሆናል፤ የአዲሱ ብሎክ አድራሻም ይገባል።

ሦስቱ ዲስኩ ላይ የሚገኙት በተለያየ ቦታ ነው። ዲስኩ በአንድ ምት ሊጽፋቸው አይችልም። ከዚህ የባሰው ደግሞ እኛ በሰጠነው ቅደም ተከተል የመጻፍ ግዴታ የሌለበት መሆኑ ነው። የሚጻፈውን ለጊዜው የሚያቆይበት የራሱ ካሽ አለው፤ የሚቀናውን ያስቀድማል። ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ ከሦስቱ የትኛውም ደርሶ የትኛውም ሊቀር ይችላል።

ጽሑፉ ብቻ ደርሶ ሌሎቹ ከቀሩ ችግር የለም። ፋይሉ እንደ ቀድሞው ነው። ቢትማፑ ብቻ ከደረሰ አንድ ብሎክ ማንም ሳይጠቀምበት «ተይዟል» እንደተባለ ይቀራል። ያናድዳል እንጂ አደጋ የለውም። አይኖዱ ብቻ ከደረሰ ግን ጉድ ፈላ። ፋይሉ «ይህ ብሎክ የእኔ ነው» ይላል፤ ቢትማፑ ደግሞ «ነጻ ነው» ይላል። ነገ ሌላ ፋይል ቦታ ሲጠይቅ ያው ብሎክ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ፋይሎች አንዱ የሌላውን እየደመሰሱ ይኖራሉ፤ እስኪታወቅ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሌላም አለ። ቢትማፑና አይኖዱ ደርሰው ጽሑፉ ከቀረ መዋቅሩ ሲታይ ምንም እንከን የለውም። የፋይሉ ሦስተኛ ብሎክ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ በፊት እዚያ የነበረ ነገር ነው። ምናልባት ሌላ ተጠቃሚ ያጠፋው ደብዳቤ። ይህ የመረጃ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የምስጢር መውጣትም ነው።

ጆርናል ባልነበረበት ዘመን መፍትሔው `fsck` ነበር። መላውን ዲስክ እየዞረ አይኖዶቹን ከቢትማፖቹ ጋር ያመሳክራል። ዲስኩ ባደገ ቁጥር ጊዜውም ያድጋል፤ ትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ስቲቨን ትዊዲ ext2 ላይ ጆርናል የመጨመር ሐሳቡን በ1998 አቀረበ። ሥራው ext3 ተብሎ በ2001 ወደ ዋናው ከርነል ገባ። የext4 ጆርናልም የዚያው ልጅ ነው፤ በከርነሉ ውስጥ `jbd2` ይባላል። ማሽናችሁ ላይ `ps -e` ብትሉ `jbd2/sda2-8` የሚል ስም ታዩ ይሆናል። 8 የጆርናሉ የራሱ አይኖድ ቁጥር ነው። ጆርናሉም በፋይል ሲስተሙ ውስጥ የተደበቀ አንድ ፋይል ነውና።

መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ከዚያ ሥራ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቢትማፑንና አይኖዱን በቀጥታ ቦታቸው ላይ ከመንካት በፊት የሚሆኑትን መልክ ጆርናሉ ላይ ጻፍ። ያ ሙሉ በሙሉ መድረሱን አረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቦታቸው ላይ ጻፍ።

በምሳሌያችን ከርነሉ ለውጦቹን ሰብስቦ አንድ ትራንዛክሽን ያደርጋቸዋል። ቁጥሩ 7412 ይሁን። ይህ ትራንዛክሽን የእኛን ፋይል ብቻ አይዝም። ካልተገደደ በቀር ከርነሉ በየ5 ሰከንዱ ነው የሚዘጋው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተነካ ሜታዳታ፣ ማለትም እንደ ቢትማፕና አይኖድ ያለ ስለ ፋይሎች የሚናገር መረጃ፣ ሁሉ አብሮ ይገባል።

ሊዘጋው ሲል በቅድሚያ የጽሑፉ ብሎክ በቀጥታ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይሄዳል። በ `ordered` ሞድ ሕጉ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ቦታው ሳይደርስ አይኖዱ እንዲያመለክትበት አይፈቀድም። ከላይ ያልነው የሌላ ሰው ደብዳቤ ችግር የሚዘጋው እዚህ ጋ ነው። ጽሑፉ ራሱ ጆርናሉ ውስጥ እንደማይገባ ልብ በሉ። በኋላ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ ጆርናሉ ላይ ዴስክሪፕተር የሚባል ብሎክ ይጻፋል። «ትራንዛክሽን 7412 ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ሁለት ቅጂዎች ይመጣሉ፤ የአንደኛው ቦታ ይህ፣ የሁለተኛው ቦታ ያ» ይላል። ከኋላው የቢትማፑ ብሎክ ቅጂና አይኖዱ ያለበት ብሎክ ቅጂ ይከተላሉ። ቅጂው የተለወጠችውን ቢት ብቻ ሳይሆን ሙሉ 4096 ባይቱን ነው የሚይዘው። አንድ አይኖድ አብዛኛውን ጊዜ 256 ባይት ቢሆንም በዙሪያው ያሉት ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረው ይገለበጣሉ። ብክነት ይመስላል። ጥቅሙ የሚታየው ግን ማገገም ላይ ነው።

አሁን ከርነሉ ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ መድረሳቸውን ካረጋገጠ በኋላ ዲስኩን «ካሽህ ውስጥ ያለውን አራግፍ» ይለዋል። ያ ሲያልቅ አንድ የመጨረሻ ብሎክ ይጽፋል፤ የ7412 ኮሚት። ዲስኩ ይህንንም ካሽ ውስጥ እንዳያቆየው አብሮ ይነገረዋል። ኮሚቱ ደረሰ ማለት ትራንዛክሽኑ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ቢትማፑና አይኖዱ ገና ቦታቸው ላይ ባይነኩም እንኳ። እነሱን ወደ ቦታቸው የመውሰዱ ሥራ ቼክፖይንት ይባላል፤ በኋላ፣ ሲመች ይሠራል።

ኃይሉ የት ላይ ተቋረጠ?

ጽሑፉ ቦታው ደርሶ ጆርናሉ ገና ምንም ሳይጻፍበት ኃይል ቢቋረጥ፣ ቢትማፑም አይኖዱም አልተነኩም። ፋይሉ 8192 ባይት ነው። አዲሱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ አለ፤ ግን ማንም አያውቀውም።

ዴስክሪፕተሩና አንደኛው ቅጂ ተጽፈው ሁለተኛው ሳይደርስ ቢቋረጥም ውጤቱ ያው ነው። ኮሚት የለም። ማስታወሻው ሳይጨርስ ስለቀረ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ኮሚቱ ከደረሰ በኋላ ቢቋረጥ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ቢትማፑ ቦታው ላይ ደርሶ አይኖዱ ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለቱም ቀርተው ይሆናል፤ ቼክፖይንቱ መሐል ላይ ተቋርጦም ይሆናል። ግድ የለም። ትክክለኛው መልክ ጆርናሉ ላይ በሙሉ አለ።

ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ መጀመሪያ የሚያየው `needs_recovery` የሚለውን ምልክት ነው። በሥርዓት ሲዘጋ ይህ ምልክት ይሰረዛል። ካልተሰረዘ ማሽኑ ሳይሰናበት ሄዷል ማለት ነው። ዲስኩ ገና ሳይከፈት እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ፦

```
dumpe2fs -h /dev/sda2 | grep features
```

ከዚያ ጆርናሉ ሦስት ጊዜ ይነበባል። የመጀመሪያው ዙር መጨረሻውን ፍለጋ ነው። የጆርናሉ ሱፐርብሎክ «ከዚህ ብሎክ ጀምር፤ የምትጠብቀው ቁጥር 7411 ነው» ይላል። ከርነሉ እዚያ ይሄዳል። እያንዳንዱ የጆርናል ምልክት ብሎክ በ `0xC03B3998` ይጀምራል፤ ከዚያ ዓይነቱና የትራንዛክሽኑ ቁጥር ይከተላሉ። የ7411 ዴስክሪፕተር አለ፤ ቅጂዎቹ ይዘለላሉ፤ የ7411 ኮሚት አለ። ጥሩ። 7412ም እንዲሁ አለ። የ7413 ዴስክሪፕተር አለ፤ ኮሚት ሊኖር በሚገባበት ቦታ ግን ያለው 6980 የሚል አሮጌ ብሎክ ነው። ጆርናሉ ክብ ስለሆነ፣ መጨረሻው ሲደርስ ከመጀመሪያው እየደረበ ስለሚጽፍ፣ ድሮ የተጻፈ ነገር ሁሌም ይኖራል። ቁጥሩ ስላልገጠመ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። 7413 ተጣለ። (የሚገለበጠው ብሎክ በአጋጣሚ በዚያው ምልክት ቢጀምርስ? ታስቦበታል። ቅጂው ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች በዜሮ ይተኩና ዴስክሪፕተሩ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሲመለስ ይታረማል።)

ሁለተኛው ዙር የሚፈልገው ሪቮክ የሚባሉ መዝገቦችን ነው። ይህቺ ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ናት፤ ያለ እሷ ግን ማገገም ራሱ ዳታ ያጠፋ ነበር። በ7411 አንድ የማውጫ ብሎክ ተለወጠና ቅጂው ጆርናሉ ላይ ገባ እንበል። በ7412 ማውጫው ተሰረዘ፤ ብሎኩ ነጻ ወጣ። ከዚያ ለአንድ ፎቶ ፋይል ተሰጠ፤ ፎቶውም በቀጥታ ቦታው ላይ ተጻፈ። የፋይል ይዘት ጆርናሉ ውስጥ አይገባም ብለናል። አሁን ኃይል ተቋረጠ። ከርነሉ 7411ን እንዳለ ቢመልስ የሞተውን ማውጫ በፎቶው ላይ ይደርበዋል። ስለዚህ 7412 ውስጥ «ያንን ብሎክ ከዚህ በፊት ካሉ ቅጂዎች አትመልሱት» የሚል መዝገብ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ዙር ማስፈጸም ነው። ከ7411 እስከ 7412 ያሉ ቅጂዎች፣ ከተሻሩት በቀር፣ በቅደም ተከተል ወደየቦታቸው ይገለበጣሉ። የሙሉ ብሎክ ቅጂ ጥቅም እዚህ ይታያል። ቦታው ላይ ያለው አሮጌ ይሁን፣ አዲስ ይሁን፣ በመሐል የተቀደደ ይሁን፣ ከርነሉ አይጠይቅም። ይደርብበታል። በዚህ መሐል ኃይል እንደገና ቢቋረጥስ? በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ አሥር ጊዜ ቢደገምም ውጤቱ አይለወጥም። ጆርናሉ «ባዶ ነው» የሚባለው ሁሉም ቅጂ ዲስኩ ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን፦ በንባብ ብቻ ማውንት ማድረግ ዲስኩን ከመጻፍ የሚያድነው የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ext4 `ro` ቢባልም ጆርናሉን ያስፈጽማል፤ ማለትም ዲስኩ ላይ ይጽፋል። የተበላሸ ዲስክ ሳይነካ ማየት የፈለገ `ro,noload` ማለት አለበት።

ዲስኩ ከዋሸ

ይህ ሁሉ ሕንጻ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ኮሚቱ ከቅጂዎቹ ቀድሞ እንዳይደርስ። አንዳንድ ርካሽ መሣሪያ «አራግፍ» ሲባል «አራገፍኩ» ብሎ ዝም ይላል፤ አያራግፍም። ያኔ የ7412 ኮሚት ዲስኩ ላይ ተገኝቶ የቢትማፑ ቅጂ ግን ሊቀር ይችላል። በቅጂው ቦታ ያለው ክቡ ጆርናል ከድሮ ያስቀረው ሌላ ብሎክ ነው። ከርነሉ ያንን ቆሻሻ በሙሉ መተማመን ቢትማፑ ላይ ይገለብጠዋል። በነገራችን ላይ ext3 በዋናው ከርነል ለዓመታት ይህን የማራገፍ ትእዛዝ በነባሪነት አይልክም ነበር፤ ፍጥነት ስለሚቀንስ። ext4 ይልካል። `nobarrier` እያሉ የሚያጠፉት ሰዎች አሁንም አሉ። ባትሪ ያለው ኮንትሮለር ከሌላቸው በዕድላቸው እየተጫወቱ ነው።

አዳዲሶቹ ፋይል ሲስተሞች ጆርናሉ ላይ ቼክሰም አላቸው። ቅጂው ከቼክሰሙ ጋር ካልገጠመ ከርነሉ አይገለብጠውም፤ `JBD2: Invalid checksum recovering` ብሎ የሚጀምር መልእክት ይጽፋል። ይህን መስመር `dmesg` ላይ ካያችሁ ወደ ሥራ አትቸኩሉ። ዲስኩን አንማውንት አድርጋችሁ `e2fsck -f` አስሩጡበት።

ዜሮ ባይቱ ከየት መጣ?

አሁን ወደዚያ ባዶ ፋይል እንመለስ። ዲስኩ አልዋሸም፤ ጆርናሉም ሥራውን ሠርቷል። ይሁንና ፋይሉ ባዶ ነው።

ነገሩ የጊዜ ልዩነት ነው። ext4 ፕሮግራሙ `write` ሲል ወዲያው ብሎክ አይመድብም። ጽሑፉን ሜሞሪ ላይ አቆይቶ በኋላ በጅምላ ይመድባል። ጽሑፉ ካልተገደደ በቀር ወደ ዲስክ የሚሄደው ከ30 ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። ሜታዳታው ግን በየ5 ሰከንዱ ይዘጋል። `ordered` ሞድስ የት ሄደ? እሱ የሚያስገድደው ብሎክ የተመደበለትን ጽሑፍ ነው። ገና ያልተመደበለት ትራንዛክሽኑ ውስጥ የለም፤ አይጠበቅም።

አንድ ፕሮግራም የቅንብር ፋይሉን እንደተለመደው ያድሳል እንበል። `settings.tmp` ብሎ አዲስ ፈጠረ፤ ጻፈበት፤ ዘጋው፤ ከዚያ በ `rename` በ `settings.conf` ላይ ደረበው። ፋይል መፍጠርም ስም መቀየርም ሜታዳታ ናቸው። ከ5 ሰከንድ በኋላ ኮሚት ሆኑ። በ12ኛው ሰከንድ ኃይል ተቋረጠ። ማገገሙ ስም ቅየራውን በታማኝነት ይመልሰዋል። `settings.conf` አሁን አዲሱን አይኖድ ያመለክታል፤ አይኖዱ ግን መጠኑ ዜሮ ነው። አሮጌው ፋይል በስም ቅየራው ሄዷል። አሮጌውም የለ፣ አዲሱም የለ።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አልነበረም። ext4 በ2008 መጨረሻ «ተረጋግቷል» ከተባለ በኋላ፣ በ2009 መጀመሪያ የዴስክቶፕ ቅንብሮቻቸው ከአደጋ በኋላ ባዶ የሆኑባቸው ተጠቃሚዎች ጮኹ። የ ext4 ዋና ጠባቂ ቴድ ሶ ጥፋቱ ጽሑፉ ዲስክ ላይ እንዲደርስ የሚያስገድደውን `fsync` የማይጠሩት ፕሮግራሞች ነው ብሎ ተከራከረ። እንደ ደንቡ ከሄድን እውነቱን ነበር። ተጠቃሚው ግን ደንብ አይበላም፤ ext3 ላይ ያው ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ሶም አፉ ቢከራከርም እጁ ማስተካከያውን ጻፈ። ከከርነል 2.6.30 ጀምሮ `auto_da_alloc` የሚባለው ነባሪ ጠባይ አለ። ነባር ፋይል በ `rename` ሲተካ ብሎኮቹ ወዲያው ይመደባሉ፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከኮሚቱ ይቀድማል።

ይህ መረብ ግን ጠባብ ነው። ነባር ፋይል ለሚተካ ሰው ብቻ ነው። አዲስ ስም ያለው አዲስ ፋይል አሁንም ዜሮ ባይት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ድሮም ዘንድሮም ይህ ነው፦

```c
int fd = open("settings.tmp", O_WRONLY|O_CREAT|O_TRUNC, 0644);
write(fd, buf, len);
fsync(fd);
close(fd);
rename("settings.tmp", "settings.conf");
fsync(dirfd);
```

የመጀመሪያው `fsync` ጽሑፉን ከስም ቅየራው በፊት ያደርሳል። የመጨረሻው የማውጫው ነው። እሱ ቢቀር ከአደጋ በኋላ አሮጌውን ፋይል ሙሉ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ባዶ ግን አይሆንም። ለቅንብር ፋይል ያ ይበቃል። «ገንዘቡ ገብቷል» ብሎ ለሰው መልስ ለሚሰጥ ፕሮግራም ግን አይበቃም።

በነባር ብሎክ ላይ ደርቦ መጻፍ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የሚለወጥ ቢትማፕ የለም፤ አዲስ አድራሻ የለም። ስለዚህ ጆርናሉ የሚያግዘው ነገር የለውም። PostgreSQL የተባለው ዳታቤዝ የሚጽፈው ገጽ 8192 ባይት፣ ማለትም ሁለት ብሎክ ነው። አንዱ ደርሶ ሌላው ሲቀር ግማሽ አዲስ፣ ግማሽ አሮጌ ገጽ ይወጣል፤ `recovery complete` ይህን አያይም። ለዚህ ነው PostgreSQL የራሱ ጆርናል ያለውና በነባሪነት አንድ ገጽ ከቼክፖይንት በኋላ መጀመሪያ ሲነካ ሙሉ ቅጂውን እዚያ የሚያስቀምጠው። ሐሳቡ የ `jbd2` ሐሳብ ነው፤ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ።

አንዳንድ ፕሮግራመሮች ግን `fsync` ን ሲጠሩ መልሱን አያዩም። በ2018 የPostgreSQL ሰዎች ሲደርሱበት ነገሩ የከፋ ነበር። ዲስኩ መጻፍ ሲያቅተው ሊኑክስ በ `fsync` ስሕተቱን ይናገራል፤ ግን ሜሞሪ ላይ ያለውን ገጽ «ንጹሕ» ብሎ ምልክት ሊያደርግበት ይችላል። ፕሮግራሙ «እስቲ ልድገመው» ብሎ ሁለተኛ ሲጠራ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ «ተሳክቷል» ይባላል። ጽሑፉ ግን ዲስኩ ላይ የለም። አሁን PostgreSQL በነባሪነት `fsync` ካልተሳካ ደግሞ አይሞክርም። ራሱን ያቆምና ከራሱ ጆርናል ተነስቶ ያገግማል።